ያልተነበበውን መፈለግ ወይስ ቁጥሩን መከተል?

የሒሳብ ክፍል የጋራ የኢሜይል ሳጥን በየ5 ደቂቃው እየታየ፣ ተያይዘው የመጡ ደረሰኞች በራሳቸው ወደ አቃፊ ይገባሉ እንበል። ፕሮግራሙ አዲሱን መልእክት በምን ይለየው?

ቀላሉ መንገድ ፕሮግራሞች ከኢሜይል አገልጋይ ጋር በሚነጋገሩበት በIMAP ቋንቋ `UNSEEN` ብሎ ያልተነበቡትን መጠየቅ ነው። ለአንድ ሰው ሳጥን ምናልባት ይበቃል። በጋራ ሳጥን ግን ከሠራተኞቹ አንዷ ቀድማ መልእክቱን ከከፈተችው "የተነበበ" ይሆናል፤ ፕሮግራሙም አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። የስሕተት መዝገብ ላይ ምንም አይጻፍም። ጉድለቱ የሚታወቀው ዕቃ አቅራቢው "ክፍያዬስ?" ብሎ ሲደውል ነው።

ሁለተኛው መንገድ አገልጋዩ ለመጨረሻው መልእክት የሰጠውን መለያ ቁጥር፣ ማለትም UID፣ መዝግቦ ከዚያ በላይ ያለውን መጠየቅ ነው። ቁጥሩ 4181 ከነበረ፦

```
UID SEARCH UID 4182:*
```

ማንም ይክፈተው ማን ለውጥ የለውም፤ እኔ የምመርጠውም ይህንኑ ነው። አንድ አስቸጋሪ ጠባይ ግን አለው፦ አዲስ መልእክት ባይኖርም በሳጥኑ ውስጥ የመጨረሻ የሆነውን፣ ማለትም 4181ን ራሱን መልሶ ያመጣል። ስለዚህ ከተመዘገበው ቁጥር የማይበልጠውን መጣል ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ያው ደረሰኝ በየ5 ደቂቃው ይባዛል። የሳጥኑ መለያ ቁጥሮች እንደቀድሞው መሆናቸውን የሚያሳየው `UIDVALIDITY` ከተለወጠ ደግሞ የቀድሞዎቹ ቁጥሮች አያገለግሉም። ቁጥሩም የሚመዘገበው ፋይሉ ዲስክ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ተመዝግቦ መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ያ ደረሰኝ ተዘልሎ ይቀራል።