በጊዜው ከፍላችሁ «ዘግይታችኋል» ከተባላችሁ ቶሎ ብላችሁ አትፈርሙ

ድሬዎች፣ ሐረርም ያላችሁ፣ ከባንክ ተበድራችሁ በየወሩ የምትከፍሉ ሁሉ ይህቺን አንብቡልኝ። እኔ የባጃጅ ብድር አለብኝ። በወር 11,400 ብር እከፍላለሁ፤ አንድ ወር አሳልፌ አላውቅም። በብድር መረጃዬ ላይ ግን ሦስት ወር በተከታታይ ክፍያ ያዘገየች ተብዬ ተጽፌ ተገኘሁ።

ያወቅሁት ሰኔ 2017 ላይ ነው። ለሱቄ ትልቅ ፍሪጅ ለመግዛት ሌላ ባንክ ጋ ብድር ጠየቅኩ። ባንክ ደግሞ ከማበደሩ በፊት ብሔራዊ ባንክ ያለውን የብድር መረጃ ያያል። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ትንሽ ቆየና «አንቺ፣ ያኛው ባንክ ጋ ውዝፍ አለብሽ እኮ» አለኝ። (እኛ ድሬዎች አንቱ አናውቅም፣ መጥፎ ዜናም ቢሆን በአንቺ ነው የሚነገረን።) የዘገየው ቀን 31፣ ደረጃው «ልዩ ክትትል» ይላል። በእኛ አገር አሠራር ክፍያው 30 ቀን ካለፈው ብድሩ ከጤነኛው ይወጣና እዚያ ይገባል። 90 ቀን ከደረሰ ደግሞ የተበላሸ ብድር ይባላል፤ ያኔ አበዳሪ ማግኘት ጭንቅ ነው።

ያበደረኝ ባንክ ሄጄ የብድር ሂሳቤን ዝርዝር አስወጣሁ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ የቁጠባችሁን ሳይሆን የብድሩን ሂሳብ ነው የምታስወጡት። ከደረሰኞቼ ጋር ቀን በቀን ሳስተያየው ችግሩ ወለል ብሎ ታየኝ።

ውሌ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በየወሩ በ7 ይከፈላል። የማርች ክፍያ የካቲት 28 ላይ ይውላል። እኔ ያን ሰሞን እህቴ ጋ ሐረር ስለነበርኩ፣ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ የካቲት 26 እዚያው ያለ ቅርንጫፍ ገባሁና ከፈልኩ። ፎርሙ ላይ የብድር ሂሳቤን ቁጥር ነው የጻፍኩት። ገንዘብ ተቀባይዋ ግን ስሜን አይታ ቁጠባዬ ውስጥ ከተተችው። ከማሽኑ የታተመው ላይ የቁጠባው ቁጥር፣ በእጄ የሞላሁት ላይ የብድሩ ቁጥር። ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ! ቆሜ አላየሁትም። መልእክቱም ስልኬ ላይ ገብቶ ነበር፤ «ገቢ ሆኗል» የሚለውን አይቼ ዘጋሁት። ይሄ የኔ ጥፋት ነው።

አንድ ክፍያ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሺ። ነገር ግን ሲስተሙ ገንዘብ ሲገባለት መጀመሪያ የቆየውን ነው የሚበላው። ኤፕሪል 7፣ ማለትም መጋቢት 29፣ በዕለቱ የከፈልኩትን ለማርች አደረገው። ከማርች 7 እስከ ኤፕሪል 7 ቁጠሩት፣ 31 ቀን ነው። የኤፕሪሉ ደግሞ ሳይከፈል ቀረ ማለት ነው። የሜይ ክፍያዬ የኤፕሪልን፣ የጁኑ የሜይን እየዘጋ ሄደ። እኔ በየወሩ በቀኑ እየከፈልኩ፣ እሱ በየወሩ አንድ ክፍያ ወደኋላ እያስቀረኝ። በላዩ ላይ ቅጣት ይቆጥራል። ባንኩ ያልደወለልኝም ለዚህ ይመስለኛል፤ በየወሩ ገንዘብ ስለሚገባ ማንንም አላሳሰበም።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው ልምጣ። ቅርንጫፉ ያቀረበልኝ መፍትሔ ሲሰሙት ይጥማል። «ቅጣቱን ክፈይ፣ የቁጠባውን ብር ዛሬ እናዛውረው፣ ቀሪውን አዲስ የክፍያ ፕሮግራም እናውጣልሽና ፈርሚ። ከዕዳ ነፃ ነሽ የሚል ደብዳቤም እንጽፍልሻለን።» ልፈርም እስክሪብቶ አንስቼ ነበር።

ያስቆመኝ ድሮ ባንክ የሠራ ጎረቤቴ ነው። ቅጣት ከፈልሽ ማለት መዘግየትሽን አመንሽ ማለት ነው አለኝ። አዲስ ፕሮግራም ከፈረምሽ ደግሞ ብድሩ መክፈል አቅቷት የተራዘመላት ተብሎ ይያዛል፤ ያልነበረ ችግር በፊርማሽ ታመጪያለሽ። ገንዘቡም «ዛሬ» ከተዛወረ ዛሬ የተከፈለ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ሂሳቡ ይስተካከላል፣ የዘገየው 31 ቀን ግን እዚያው ይኖራል። ደብዳቤውን ይዘሽ ብትሄጂ ሌላው ባንክ የሚያየው ስክሪኑን ነው።

መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ ክፍያው ገንዘቡ በገባበት ቀን ተመልሶ ይመዝገብ። ባንከሮቹ «ቫሊዩ ዴት» ይሉታል። የየካቲት 26ቱ 11,400 በየካቲት 26 ቀን ብድሩ ላይ ሲያርፍ፣ ተከታዮቹ ክፍያዎች ሁሉ በየቦታቸው ይገባሉ፤ ቅጣቱም ራሱ ይጠፋል።

ማመልከቻዬ አንድ ገጽ ነበር። ቀኑን፣ የብር መጠኑን፣ የከፈልኩበትን ቅርንጫፍና ሁለቱን የሂሳብ ቁጥሮች ጻፍኩ። የፎርሙን ኮፒ፣ የብድሩን ዝርዝርና የቁጠባዬን ዝርዝር አያያዝኩ። ቁጠባው የረዳኝ ብሩ ከገባበት ቀን ጀምሮ ሳይነካ ተቀምጦ ስለነበር ነው። አውጥቼው ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ይከብድ ነበር። ፎርሙ ቢጠፋባችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ባንኩ ጋ የሚቀር ኮፒ አለ፣ በቀኑ መዝገብ ውስጥ ይፈለግልን በሉ።

ጥያቄው ሦስት ነው፦ በቀኑ ይመዝገብ፣ ቅጣቱ ይሰረዝ፣ ወደ ብሔራዊ ባንክ የተላከው መረጃ ታርሞ እንደገና ይላክ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ብሔራዊ ባንክ የሚይዘው ባንኮችና ማይክሮ ፋይናንሶች የላኩለትን ነው፤ የሚያርመው የላከው ራሱ ነው። ቅርንጫፉ ደግሞ ራሱ አይልክም፣ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ማስተላለፍ አለበት። ስለዚህ «እዚህ አስተካክለናል» ሲሏችሁ «ወደ ዋናው መሥሪያ ቤትስ በምን ደብዳቤ ጻፋችሁ?» በሉ።

ማመልከቻውን ለመዝገብ ቤት ስጡ፣ በእናንተ ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ። ያለዚያ ሥራ አስኪያጁ ሲቀየር ወይም ባለሙያው ፈቃድ ሲወጣ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ባንኩ ዝም ካለ ወይም እምቢ ካለ ቅሬታው ወደ ብሔራዊ ባንክ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን ያው ማኅተም ያለበት ቅጂ ነው። ሪፖርቱን በገንዘብ አስጠፋለሁ የሚል ደላላም ቀፊራ አካባቢ አግኝቶኝ ነበር። ምን ነክቶ ነው የሚያጠፋው? መረጃው ያለው አዲስ አበባ ነው።

እኔ ላይ የሐረሩ ፎርም እስኪመጣ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከዚያ ሂሳቡ ታረመ፣ ቅጣቱ ተሰረዘ። እኔ ግን በቃል አላመንኩም። ፍሪጁን ያሰብኩበት ባንክ ተመልሼ ልጁን እንደገና እንዲያይልኝ ጠየቅኩት። ገና ነበር። ሐምሌ ላይ ስመለስ ውዝፉ የለም፣ የዘገየ ቀን ዜሮ።

አሁን ከመስኮቱ ሳልለቅ የታተመውን ቁጥር በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ፣ ከኋላዬ ያለው ሰው ቢያጉረመርምም። ደረሰኙንም እዚያው ፎቶ አነሳዋለሁ። ያቺ ከማሽን የምትወጣ ስስ ወረቀት በድሬ ሙቀት ቦርሳ ውስጥ ከከረመች ጽሑፏ ይለቃል።