የኦድ መውረድን «የብልህ ገንዘብ ምልክት» ብለው ለሚሸጡ አትክፈሉ

ይህን የምጽፈው ትናንት ማታ ደብረ ማርቆስ ካለ አንድ የውርርድ ቤት ወጥቼ፣ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ካደረ በኋላ ነው። ጤፍ ሸጬ ለማዳበሪያ ያስቀመጥሁት 6,000 ብር የለም።

በቴሌግራም በየወሩ እያስከፈሉ ትልቁ ገንዘብ የት እንደገባ እንነግራችኋለን የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ። እኔም ለአንዱ 1,500 ብር ከፍያለሁ። ጠዋት የላከልኝ መልእክት እንዲህ ይላል፦ ከቲኬቶቹ 78 በመቶው ለባለሜዳው ተቆርጠዋል፤ የእንግዳው ኦድ ግን ከ4.80 ወደ 3.60 ወርዷል። ኦድ ብር ሲበዛበት ይወርዳልና፣ ሕዝቡ ወዲያ ሄዶ ኦዱ ወዲህ ከመጣ አዋቂዎቹ እንግዳውን ይዘዋል ማለት ነው። አመንሁትና በ3.60 ቆረጥሁ፤ እንግዳው ቢያሸንፍ ላስያዝሁት ለእያንዳንዱ ብር 3.60 ይከፈለኛል ማለት ነው።

ጨዋታው ሊጀመር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ሲበልጥ አሰላለፍ ወጣ። ጠዋት ተጎድቷል ተብሎ የተወራበት የባለሜዳው አጥቂ በቋሚነት ተሰልፏል። ኦዱን ያወረደው ወሬው ነበርና ወዲያው ወደ 4.50 ተመለሰ። ቲኬቴን በእጄ ይዤ ስልኬን ስከፍት የጠዋቱ መልእክት ጠፍቷል! በቦታው «ብልሁ ገንዘብ ወደ ባለሜዳው ዞሯል» የሚል ተለጥፏል። ባለሜዳው 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ትክክል ነበርን ብሎ ጻፈ። የጠዋቱንስ ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ፣ ገበያ ማንበብ ካልቻሉ ለምን ይገባሉ?» አለኝና ከቡድኑ አስወጣኝ።

ይህ ንቀት ከብሩ በላይ አቃጥሎኛል። ግን ሳልጠይቅ ገንዘቤን የሰጠሁት እኔ ነኝ። 78 በመቶው የማን ቲኬት ነው? የአንድ የውጭ አገር ውርርድ ቤት ነው እንጂ የገበያው ሁሉ አይደለም። ደግሞም የተቆጠረው ቲኬት ነው፣ ብር አይደለም። ሰባ ስምንት ሰው ሃምሳ ሃምሳ ብር ቢያስይዝ 3,900 ብር ነው፤ በሌላው ወገን አንድ ሰው ብቻውን 20,000 ቢያስይዝ ገንዘቡ የሚያደላው ወደ እሱ ነው። ያኔ ኦዱ የሄደው ገንዘቡን ተከትሎ ነው፤ ተገላቢጦሽ የሚባል ነገርም የለም።

አዋቂ ሰው ገብቶ ቢሆን እንኳ እሱ የያዘው በ4.80 ነው። በዚያ ዋጋ ላለመክሰር ከመቶ ጨዋታ 21 ያህሉን ማሸነፍ ይበቃዋል። እኔ በ3.60 ስገባ 28 ያህል ያስፈልገኛል። ያ ልዩነት ትርፉ ራሱ ነበር፤ መልእክቱ እኔ ዘንድ የደረሰው ከተወሰደ በኋላ ነው። ኦድ በጉዳት ወሬ፣ በአሰላለፍ፣ ጠዋት ገበያው ገና ቀጭን ሳለ በገባ ትንሽ ገንዘብም ይንቀሳቀሳል። ቁጥሩ የትኛው እንደሆነ አይናገርም።

የተላከላችሁን መልእክት ሁሉ ከነሰዓቱ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። እኔ የጠዋቱን አላስቀመጥሁም፤ አሁን የማሳየው ማስረጃ የለኝም።