ከቢሮ ግሩፕ ስንወጣ፦ አጭሩ ስንብት ወይስ ረጅሙ?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ሥራ የቀየረ የሒሳብ ሠራተኛ ከቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ ሊወጣ ነው እንበል። ሁለት መልእክት ጽፏል።

አጭሩ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እዚህ የመጨረሻ ቀኔ ነው። ስለ አብሮነታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የደረሰኝ ጥራዞቹንና የካዝናውን ቁልፍ ለሒሳብ ክፍል ኃላፊው አስረክቤያለሁ። ስልኬ አልተቀየረም። ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ። ደህና ሁኑ።»

ረጅሙ ሁሉንም በስም እየጠራ ያመሰግናል፤ አዲሱን ደመወዝም ያነሳል።

እኔ አጭሩን እመርጣለሁ። ስም ሲዘረዘር አንድ ሰው መረሳቱ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱት ደግሞ ጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው። የደመወዙ ወሬም የሚቀሩትን ቅር ያሰኛል። ከሁሉ የሚጠቅመው የርክክቡ መስመር ነው። እሱ ከሌለ ሰኞ ጠዋት «ቁልፉ የት ነው?» የሚል ስልክ ይደወላል።

የረጅሙ ሙቀት ግን እውነተኛ ነው። ቦታው የግል መልእክት ነው፦ «ጋሼ፣ ሥራውን ያስለመዱኝ እርስዎ ነዎት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ልኮ ወዲያው መውጣትም ጥሩ አይደለም። ከግል ግሩፕ ከወጣ በኋላ የሚጻፍለትን ምርቃት አያየውም። አንድ ቀን ይቆይ፣ መልስ ይስጥ፣ ከዚያ ይውጣ። የግሩፑ ባለቤት እሱ ከሆነ ግን አስቀድሞ ባለቤትነቱን ለሌላ ያስተላልፍ።