ጺም በሌለው ጉርድ ፎቶ ላይ ጺም ለማስጨመር፦ ሦስት አሠራሮች ጎን ለጎን

ደሴ ፒያሳ ያሉ ፎቶ ቤቶችም ሆኑ ኮምቦልቻ ውስጥ በኮምፒውተር ፎቶ የሚያስተካክሉ ባለሙያዎች ደጋግሞ የሚቀርብላቸው ሥራ አለ። አባት በሕይወት ሳሉ የሚታወቁት በጺማቸው ነው፤ ጥርት ብሎ የቀረው ፎቶግራፍ ግን ለመታወቂያ ተላጭተው የተነሡት ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። ቤተሰቡ ይህንን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ፣ ጺሙንም አስጨምሮ ሳሎን ውስጥ መስቀል ይፈልጋል። ሥራው በሦስት መንገድ ይሠራል፦ ከኢንተርኔት የወረደ ዝግጁ ጺም መለጠፍ፣ ከሌላ ፎቶግራፍ ላይ እውነተኛ ጺም ቆርጦ ማዛወር፣ ወይም በፎቶሾፕ ብሩሽ ፀጉር በፀጉር መሣል። ሦስቱም በስልክ ስክሪን ላይ ሲታዩ ተቀራራቢ ስለሚመስሉ፣ ገዢው ልዩነቱን የሚያየው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን ከፍሎ ፎቶው በፍሬም ከገባ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የሚጋለጠው የፀጉሩ አቅጣጫ ነው። ሪዝ ከአፍንጫ ሥር ካለችው ሰርጎድ ካለች ቦታ ተነሥቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተከፈለ ወደ ታች ይወርዳል፤ የጉንጭ ጺም ወደ መንጋጋ ያዘነብላል፤ ከመንጋጋ በታች አንገት ላይ ያለው ግን በብዙ ሰዎች ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ይበቅላል። ዝግጁ ጺሞች አብዛኞቹ ቀጥ ብለው ፊት ለፊት ከሚያዩ፣ ፀጉራቸውም ሉጫ ከሆነ ሰዎች የተወሰዱ ናቸው። የእኛ አገር ሰው ጺም በአብዛኛው የተጠቀለለ ስለሆነ፣ ሉጫ ጺም ከተጠቀለለ የራስ ፀጉር ጋር በአንድ ፊት ላይ ሲቀመጥ ዐይን ምክንያቱን ሳይለይ እንኳ ባዕድነቱን ያውቀዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ብቻውን ዝግጁውን ጺም ለትልቅ ህትመት ውድቅ ለማድረግ ይበቃል።

በተጠቀለለ ጺም ላይ አቅጣጫው የሚነበበው በጠርዙ ነው። መሐሉ እንደ ሸካራ ጨርቅ ይታያል፤ በጉንጩ የላይኛው መስመርና በአገጩ ጫፍ ግን እያንዳንዱ ጥቅል ወዴት እንደዞረ በግልጽ ይለያል። ስለዚህ ብሩሽ የሚጠቀም ባለሙያ መላውን ጺም በረጃጅም ቀጥ ያሉ መስመሮች ከሞላው፣ ብዙ ሰዓት ቢደክምበትም ውጤቱ ከዝግጁው አይሻልም። ጥሩ ሠሪ ትንንሽ ግማሽ ክብ የሚመስሉ ጭረቶችን ይጠቀማል፤ የብሩሹን መጠንና ማዕዘን Shape Dynamics በሚባለው የብሩሽ ቅንብር እያለዋወጠም ሁለት ጭረት ፈጽሞ አንድ ዓይነት እንዳይሆን ያደርጋል።

የጺሙ ብዛት ሁለተኛው መለያ ነው። የተፈጥሮ ጺም አገጭና ሪዝ ላይ ይጠቀጠቃል፣ ጉንጭ ላይ ይሳሳል፤ ብዙ ሰው ከታችኛው ከንፈር ጎንና ጎን ቆዳው የሚታይበት ባዶ ቦታ አለው። ይህ ባዶ ቦታ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ልጆቹ የአባታቸውን ጺም የሚያውቁበት ምልክት ነው። ሪዙን አሳጥረው አገጫቸውን ያሳደጉ የወሎ ሽማግሌዎችን ለሚያስታውስ ቤተሰብ ደግሞ ሪዝና ጺሙ እኩል ጥቅጥቅ ብለው ሲሠሩ ፊቱ የሌላ ሰው ይሆንበታል። ከሌላ ፎቶግራፍ የተዛወረ ጺም እዚህ ላይ ከሁለቱ ይበልጣል፤ የራሳቸው የአባትየው፣ ካልተገኘም የወንድማቸው ፎቶ ከሆነ ስርጭቱ በተፈጥሮ ይመጣልና።

ጥላውን በተመለከተ ሦስት ነገሮች ይፈለጋሉ። አንደኛው በፀጉሮቹ መካከል ቆዳው ጠቆር ማለቱ ነው፤ ባለሙያው ይህን ከጺሙ ሥር በተለየ ሌየር፣ ማለትም ከፎቶው ተለይቶ በሚታረም ንብር ላይ፣ ከሥሩ ያለውን በሚያጠቁረው የ Multiply ቅንብር በስሱ ይቀባዋል። ሁለተኛው የጺሙ ጥላ አንገትና ኮሌታ ላይ መውደቁ ነው። ሦስተኛው ብርሃን በመጣበት በኩል ያሉት ፀጉሮች መንጣታቸው ነው፤ ጥቁር ጺም እንኳ ብርሃን ሲያርፍበት ቡናማ ወይም ግራጫ ይሆናል እንጂ ድፍን ጥቁር አይሆንም። ዝግጁውን ጺም የሚለጥፍ ሰው አቅጣጫው እንዲገጥምለት አንዳንድ ጊዜ ግራና ቀኙን ይገለብጠዋል፤ ያን ጊዜ አፍንጫው በግራ በኩል ጥላ ጥሎ ሳለ ጺሙ በቀኝ በኩል ይጠቁራል። ገዢው የአፍንጫውን ጥላና የአገጩን ጥላ ጎን ለጎን ቢመለከት ይህንን ስሕተት ያለ ምንም ሙያ ይለየዋል።

አንድ ሥራ ከነዝርዝሩ እንመልከት። ቤተሰቡ 3 በ4 ሴንቲሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶና አባትየው ጺማቸውን አሳድገው ከብዙ ሰው መካከል የቆሙበት አንድ የሠርግ ፎቶ አለው፤ የሚፈለገው ህትመት 30 በ40 ነው። ጉርዱ በ1200 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ፣ ስካን ሲደረግ ወደ 1417 በ1890 ፒክስል ይሰጣል፤ ለጥሩ ህትመት በ300 ዲፒአይ የሚያስፈልገው ግን 3543 በ4724 ነው። ፎቶው በኮምፒውተር ሁለት እጥፍ ተኩል ይለጠጣል ማለት ነው፤ ስለዚህ ፊቱ ለስለስ፣ ደብዘዝ ይላል። በዚህ ፊት ላይ የአንድ ፒክስል ቅጥነት ያለው ጥርት ያለ ፀጉር ቢሣል ጺሙ ከፊቱ ተለይቶ ይንሳፈፋል። ሦስት ወይም አራት ፒክስል ውፍረት ያለው ጭረት ተሥሎ በስሱ በ Gaussian Blur ይለሰልሳል፤ ቀጥሎም በ Add Noise የፎቶው የራሱ ሻካራነት ይጨመርበታል።

የሠርጉ ፎቶ ላይ ያለው ፊት ከአውራ ጣት ጥፍር ስለማይበልጥ ጺሙን ቆርጦ ማዛወር አይቻልም፤ ተለጥጦ ሲመጣ ጭቃ ይሆናል። ሆኖም ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ የጉንጩ መስመር እስከ የት እንደሚወጣ፣ ባዶ ቦታው የት እንደሆነ፣ ሽበቱ ከአገጭ መጀመሩን ያሳያል። ስለዚህ ለዚህ ቤተሰብ የምመርጠው የተቀላቀለ አሠራር ነው፦ መሐሉ ተመሳሳይ ጥቅል ፀጉር ካለው የዘመድ ጥርት ያለ ፎቶ ተወስዶ በ Warp ከመንጋጋው ቅርጽ ጋር ይገጠማል፣ ጠርዙና ሪዙ በሠርጉ ፎቶ መሠረት በእጅ ይሣላል። ዕድሜውም አስቀድሞ መወሰን አለበት። በሠላሳ ዓመት ፊት ላይ የስድሳ ዓመት ነጭ ጺም ሲቀመጥ ሥራው የቱንም ያህል ቢጠራ አያምርም፤ ከወጣትነት ፊት ጋር የሚሄደው ጥቁሩ ጺም ነው።

በጊዜ ሲታይ ዝግጁ ጺም መለጠፍ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ የተቀላቀለው ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ሙሉ በሙሉ በእጅ መሣል ደግሞ ቀን ይፈጃል። ክፍያውም ይህንኑ ይከተላል። ለስልክ ፕሮፋይል ወይም ለትንሽ ካርድ የመጀመሪያው ይበቃል፤ ለእርሱ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። በእጅ ብቻ መሣል የሚመረጠው ምንም ዓይነት ተስማሚ ጺም ያለው የዘመድ ፎቶ ሲጠፋ፣ ወይም የሚፈለገው ሪዝ ብቻ ሲሆን ነው፤ ሪዝ ጠባብ ስለሆነ በእጅ በጥሩ ሁኔታ ይወጣል። ፎቶውን ለመታወቂያ ወይም ለፓስፖርት ለማዋል ለሚያስብ ሰው ግን ሦስቱም አይሆኑም።

ሥራውን ከመረከብዎ በፊት ባለሙያው ከአገጭ እስከ ጉንጭ ያለውን ክፍል ብቻ በሚታተምበት መጠን በቁራጭ ወረቀት እንዲያትምልዎ ይጠይቁ፤ ሙሉውን 30 በ40 ከማሳተም በብዙ ይረክሳል። ቁራጩን መስኮት አጠገብ ይዘው በአንድ ክንድ ርቀት ይመልከቱት። ጺሙ ከቆዳው በላይ የተቀመጠ ከመሰለ የጎደለው የሥሩ ጥላ ነው፤ ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ከመሰለ የጎደሉት አጫጭርና ብቸኛ ፀጉሮች ናቸው። ጺሙ በራሱ ሌየር ላይ ከተሠራ ሁለቱንም በአጭር ጊዜ ማረም ይቻላል፤ ከፎቶው ጋር ተዋሕዶ ከተቀመጠ ግን ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ በመሆኑም ሌየሩ የተጠበቀ የፎቶሾፕ PSD ፋይል እንደሚሰጥዎ ዋጋ ሲነጋገሩ ያስረግጡ።