20 በ2 ወይስ 10 በ10? የመላኪያ ፍጥነት ሲነጻጸር

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት ያለው ሰው ከሁለት የኢንተርኔት ውሎች አንዱን ሊመርጥ ነው እንበል። አንደኛው በሰከንድ 20 ሜጋ ቢት ያወርዳል፣ የሚልከው ግን 2 ብቻ ነው፤ ሁለተኛው በሁለቱም አቅጣጫ 10 ነው። ጎልቶ የሚጻፈው የማውረጃው ቁጥር ስለሆነ አንደኛው የተሻለ ይመስላል፤ ፊልም ለማየት ብቻ ከሆነም በእርግጥ ይሻላል።

ሆኖም በጥምቀት ዕለት በፋሲለደስ መዋኛ የተነሱት ፎቶዎች 6 ጊጋ ባይት ቢሆኑና በክላውድ መጠባበቂያ ቅጂ ቢያስፈልጋቸው፣ አንድ ባይት 8 ቢት በመሆኑ የሚላከው 48,000 ሜጋ ቢት ነው። ይህ በአንደኛው ውል ቢያንስ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ በሁለተኛው 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል።

ከመዘግየቱ የሚብሰው ግን በዚያው ሰዓት የሚደረገው የቪዲዮ ጥሪ ነው። ቅጂው ጠባቡን የመላኪያ መስመር ሲሞላው የጥሪው ድምፅና ምስል ሞደሙ ውስጥ ወረፋ ይይዛሉ፤ በመሆኑም ባለሱቁ የደንበኛውን ፊት ጥርት አድርጎ እያየ፣ ደንበኛው ግን የእሱን ድምፅ ተቆራርጦ ይሰማል። ጥፋቱ የመላኪያው መሆኑ የሚታወቀው ቅጂው ለጊዜው ሲቆም ጥሪው ወዲያው ከተስተካከለ ነው። የቅጂውን ፍጥነት በፕሮግራሙ ማስተካከያ ወደ 1 ሜጋ ቢት ዝቅ ማድረግ ጥሪውን ያድናል፣ ቅጂው ግን በጠቅላላው ከ13 ሰዓት በላይ እንዲፈጅ ያደርጋል። ስለዚህ በየቀኑ ለሚልክ ፎቶ ቤት እኔ 10 በ10ን እመርጣለሁ፤ በወር አንዴ ለሚልክ ግን ሌሊት ማስተላለፍ ይበቃዋል።