በሰልፊ የመነጽር ፍሬም አታስመርጡ

ጎንደር ውስጥ በቴሌግራም መነጽር የምታዙ፣ እባካችሁ ተጠንቀቁ። «ሰልፊ ላኩልን፣ ለፊታችሁ የሚሆነውን ፍሬም እኛ እንመርጣለን» ያለ ሻጭ የታናሽ እህቴን ብር በልቶ ቀርቷል።

እህቴ ፊቷ ክብ ነው። ሻጩ ግን ሰልፊዋን አይቶ «ፊትሽ ረዘም ያለ ነው፣ ሰፊ ክብ ፍሬም ያምርብሻል» አላት። ሰልፊ ስንነሳ ስልኩ በጣም ቅርብ ነው። ስለዚህ አፍንጫ ይተልቃል፣ ጉንጭና ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ ፊት ከሆነው በላይ ጠባብና ረጅም ይመስላል። የፍሬም ቅርጽ ደግሞ ከፊት ቅርጽ በተቃራኒው ነው የሚመረጠው፤ ለክብ ፊት ማዕዘን ያለው፣ ማዕዘን ላለው ፊት ክብ ያለ። ፎቶው ሲዋሽ ምክሩም አብሮ ይገለበጣል።

ቅርጹ ይቅር፣ ስፋቱ ነው የባሰው። በተላከላት ፍሬም ላይ፣ ጆሮ ላይ በሚውለው ዘንግ ውስጠኛ በኩል 58□18-145 ተጽፏል። የአንዱ ሌንስ ስፋት 58 ሚሊሜትር፣ በሌንሶቹ መካከል ያለው 18፣ የዘንጉ ርዝመት 145 ማለት ነው። ሁለቱ ሌንሶችና መሃሉ 134 ይሆናሉ። ለጠርዝና ለማጠፊያ 12 ገደማ ስንጨምር ወደ 146 ይደርሳል።

የእሷን ፊት በፎቶ ለካሁት። ሁለት ሜትር ርቄ፣ ስልኩን በዓይኗ ከፍታ ይዤ፣ ኤቲኤም ካርድ ግንባሯ ላይ አስደግፋ አነሳኋት። የካርዱ ስፋት 86 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስክሪኑ ላይ በማስመሪያ ካርዱ 40፣ ፊቷ በዓይን ትክክል 63 መጣ። 63ን ለ40 አካፍሎ በ86 ማባዛት ነው፤ 135 ይሆናል። ካርዱ ከጆሮ ግንድ ትንሽ ወደፊት ስለሚወጣ ጥቂት ሚሊሜትር አሳንሶ ያሳያል። በሰልፊ ቢሆን ግን ስህተቱ ከአንድ ሴንቲሜትር ያልፍ ነበር።

53□18 ቢሆን ልክ ይመጣላት ነበር። የመጣላት ግን ጎንበስ ስትል ይንሸራተታል። ሌላም ጣጣ አለው። በዓይኖቿ መካከል ያለው ርቀት 60 ሲሆን በሌንሶቹ መሃል ለመሃል 76 ነው። እያንዳንዱ ዓይን ከሌንሱ መሃል 8 ሚሊሜትር ወደ አፍንጫ ገብቷል። ማዘዣዋ ማይነስ 4 ስለሆነ የሌንሱ የውጭ ጠርዝ ወፍሮ ከጎን ይታያል።

መልሱልን ስንል «ሌንሱ ተቆርጧል» አሉን። ስለዚህ ቀብድ ሳትከፍሉ በፊት ዘንጉ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አስልኩ፣ ፍሬሙንም ከማጠፊያ እስከ ማጠፊያ በማስመሪያ አስለኩ። ከፊታችሁ ስፋት ብዙ የሚበልጥ ከሆነ ይቅርባችሁ።

ገዝታችሁ የተበላችሁም ሌንሱን አትጣሉት። የሌንሱ የማያ ነጥብ ከዓይናችሁ ጋር ተስተካክሎ ከተሠራ፣ መነጽር ቤት አነስ ላለ ፍሬም አሳንሶ ሊቆርጠው ይችላል። ያኔ የምትከፍሉት ለፍሬሙና ለመቁረጫው ብቻ ነው።