ፒሲ ላይ ያለ ጌም በቲቪ ወይ በስልክ ለመጫወት ምን ይሻላል? ስልክ፣ የቲቪው አፕ፣ ቲቪ ቦክስ ወይስ አሮጌ ላፕቶፕ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጌም የሚጫወት ሰው ሲያገኘኝ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ ይሄንኑ ነው፣ ፒሲዬ መኝታ ቤት ነው ትልቁ ቲቪ ሳሎን ነው፣ ቲቪ ቦክስ ልግዛ ወይስ ስልኬ ይበቃኛል? መልሴ ከቦክሱ በፊት የኔትወርክ ኬብል ግዙ ነው፣ ቤት ውስጥ ደሞ ስክሪኑ የተሰበረ ምናምን አሮጌ ላፕቶፕ ካለ ቦክሱን ጭራሽ አትግዙ ነው። ለምን እንደዛ እንደምል ላስረዳ።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚፈራውን ላንሳ፣ ይሄ ነገር ፓኬጅ አይበላም። ጌሙ የሚሰራው እናንተው ፒሲ ላይ ነው፣ ምስሉ ከፒሲው ወደ ራውተሩ ከራውተሩ ወደ ቲቪው ይሄዳል እንጂ ከቤት አይወጣም። ፒሲው ላይ ሳንሻይን የሚባለውን ምስሉን የሚልክ ፕሮግራም፣ ተቀባዩ ላይ ሙንላይት የሚባለውን የሚቀበል አፕ ከጫናችሁ ደሞ የኢንተርኔት አካውንትም አይጠይቅም፣ አንዴ ካወረዳችሁት በኋላ ኔት ቢጠፋም ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ ይሰራል። የስቲም የራሱ አፕ ስቲም ሊንክ ለመጀመር ይቀላል፣ ጌማችሁ ሁሉ ስቲም ላይ ከሆነ እሱን ሞክሩት፣ ግን ላጉ ከየት እንደሚመጣ ለይቶ ለማወቅ ሙንላይት ይሻለኛል፣ ቁጥሩን ስለሚያሳይ። የድሮ ቪዲዮ አይታችሁ ጂፎርስ ኤክስፒሪየንስ ውስጥ ጌምስትሪም የሚባለውን አትፈልጉ፣ ኤንቪዲያ 2023 ላይ አቁሞታል። ሳንሻይን ደሞ በኤኤምዲም በኢንቴልም ግራፊክስ ይሰራል።

ማገናኘቱ ቀላል ነው፣ ፒሲው ላይ ብራውዘር ከፍታችሁ `https://localhost:47990` ትገባላችሁ (ብራውዘሩ ሴኩሪቲ ብሎ ያስጠነቅቃል፣ የራሳችሁ ፒሲ ስለሆነ እለፉት)፣ ቲቪው ወይ ስልኩ ላይ ሙንላይት አራት አሃዝ ፒን ያሳያችኋል፣ እሱን ፒሲው ላይ ትጽፋላችሁ፣ በቃ። ፒሲው አልታይ ካለ ሁለት ነገር እዩ፣ ዊንዶውሱ ኔትወርኩን Public ብሎት ከሆነ Private አድርጉት፣ ስልኩ ወይ ቲቪው ደሞ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ገብቶ እንዳይሆን።

አሁን ወደ ዋናው። ፒሲው በሰከንድ 60 ፍሬም ሲልክ በአንዱና በሌላው መሀል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። እያንዳንዱ ፍሬም መጀመሪያ ፒሲው ላይ ይጨመቃል፣ ከዛ በኔትወርክ ይሄዳል፣ ከዛ ተቀባዩ ይፈታዋል፣ መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ያሳየዋል። አራቱም ጊዜ ይበላሉ፣ ሱቅ ስትሄዱ ግን ስለነዚህ የሚነግራችሁ የለም፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 4ኬ የሚል ነው፣ 4ኬ ፊልም በደንብ የሚያሳይ ቦክስ ደሞ ጌም ላይ ሊጎተት ይችላል ምክንያቱም ፊልም ላይ ሰከንድ ቢዘገይም ማንም አያውቅም።

የአክስቴ ልጅ ኮምቦልቻ ያላቸው ቤት ጂ ፕላስ ዋን ነው፣ ፒሲው ላይ ፎቅ፣ ራውተሩና ቲቪው ታች ሳሎን፣ መሀል ላይ ሶሌታ አለ። ቲቪው አንድሮይድ ቲቪ ስለሆነ ሙንላይትን እሱ ላይ ጫነው፣ ሁሉም በዋይፋይ፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ። ኳስ ሲጫወት ተጫዋቹ ኳሷን ካለፈ በኋላ ነው የሚመታው፣ በየመሀሉ ደሞ ምስሉ ይሰባበራል። ሴቲንግ ውስጥ Show performance stats while streaming የሚለውን ሲያበራው እንዲህ አለ፣ ኔትወርክ 11 ሚሊሰከንድ ሆኖ ከፍ ዝቅ የሚል፣ በኔትወርክ የጠፉ ፍሬሞች ከመቶ 4 ገደማ፣ Average decoding time ማለትም ቲቪው ምስሉን ለመፍታት የሚወስድበት 34 ሚሊሰከንድ። ስለዚህ ችግሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፣ መሰባበሩ ከኔትወርኩ ነው፣ መጎተቱ በዋናነት ከቲቪው ነው። ይሄን ሳይለዩ አዲስ ራውተር የሚገዙ ሰዎች ናቸው ብራቸውን አውጥተው ላጉ ባለበት የሚቆየው።

ኔትወርኩን በኬብል ፈታነው። ፒሲውም ቲቪውም በዋይፋይ ከሆኑ ያው አንዱ ፍሬም ሁለቴ አየር ላይ ይሄዳል፣ ከፒሲ ወደ ራውተር አንዴ፣ ከራውተር ወደ ቲቪ ደግሞ አንዴ፣ ሁለቱም በአንድ ቻናል ነው ተራ የሚጠብቁት፣ ጎረቤት ዋይፋይ ሲጨመር ባሰ። ፒሲውን ብቻ በኬብል ከራውተሩ ጋር ስታገናኙት የአየሩ ስራ በግማሽ ይቀንሳል። ካት ፋይቭ ኢ ኬብል በሜትር ይሸጣል፣ በመስኮት በኩል አውጥተን በውጭ ግድግዳ አወረድነው፣ 20 ሜትር አልፈጀም፣ ለዚህ ኬብል እስከ 100 ሜትር ችግር የለውም። ራውተራችሁ 100 ሜጋቢት ቀዳዳ ቢኖረውም አትጨነቁ፣ ሙንላይት ለ1080ፒ በ60 ፍሬም በራሱ የሚመርጠው 20 ሜጋቢት ነው። ቲቪውንም ራውተሩ አጠገብ ስለነበር በአጭር ኬብል ሰካነው። ኔትወርኩ ወደ 1 ሚሊሰከንድ ወረደ፣ የሚጠፋ ፍሬም ቀረ፣ መሰባበሩ ቆመ። 34ቱ ግን ንቅንቅ አላለም፣ አይልምም፣ ቺፑ ነው።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ምርጫው የሚመጣው። ስልኩ ላይ ያንኑ ጌም ሲከፍተው ዲኮዱ 8 አካባቢ ነበር፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው ስልክ እንኳን ከብዙ ቲቪ የተሻለ ቺፕ አለው። ብቻችሁን የምትጫወቱ ከሆነና 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ካለ ስልክና ጆይስቲክ ይበቃል፣ ሌላ ምንም አትግዙ። የስልክ ችግሩ 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ አይወድም፣ ደሴ የድሮዎቹን የድንጋይ ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ፣ ከራውተሩ አንድ ክፍል ስትርቁ ሲግናሉ ይሞታል፣ ስለዚህ ራውተሩ ያለበት ክፍል ተቀመጡ። ስልኩን በኬብል ከቲቪ ጋር ላገናኘው የምትሉ ደሞ ስልካችሁ በታይፕ ሲ ምስል ማውጣት መቻሉን አረጋግጡ፣ ርካሾቹ በአብዛኛው አይችሉም።

ቲቪ ቦክስ ላይ ሰፊ ልዩነት አለ። ስም የሌላቸው፣ የስልክ አንድሮይድ የተጫነባቸው ቦክሶች ላይ ብራችሁን አታውሉ፣ ዲኮደራቸው ፍሬም ያጠራቅማል፣ ቲቪ ጀርባ ተሸጉጠው ደሞ እንደ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲሞቁ ይብሳል፣ መጀመሪያ ደህና ነበር ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተጎተተ የሚሉት እነዚህ ናቸው። ትክክለኛ ጉግል ቲቪ ያላቸው ይሻላሉ፣ ግን ኢተርኔት ቀዳዳ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ለምሳሌ የዢያኦሚው ቲቪ ቦክስ ኤስ ሁለተኛው ትውልድ የለውም፣ የዩኤስቢ ኢተርኔት አስማሚ መግዛት ሊኖርባችሁ ነው። ኤንቪዲያ ሺልድ ምርጥ ነው፣ ቀዳዳውም ጊጋቢት ነው፣ ግን በዛ ዋጋ ለፒሲው ሌላ ነገር ብትገዙበት ይሻላል ባይ ነኝ።

አሮጌው ላፕቶፕ ግን ሁሉንም ይበልጣል። የአክስቴ ልጅ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ኮር አይ ፋይቭ አራተኛ ትውልድ ላፕቶፕ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበረው፣ ቲቪው ስር አስቀመጥነው፣ በኤችዲኤምአይ ከቲቪው፣ በኬብል ከራውተሩ፣ የፒሲውን ሙንላይት ጫንን፣ ዲኮዱ 34 የነበረው 3 ሆነ። አንድ ነገር ብቻ፣ አራተኛ ትውልድ ኤች 265ን በሃርድዌር አይፈታም፣ ሙንላይት ውስጥ ኮዴኩን H.264 አድርጉት፣ ከስድስተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለ ላፕቶፕ ካላችሁ ግን HEVC ማለትም ያው ኤች 265 ይሰራል፣ ምስሉ በዛው ቢትሬት ይጠራል። ላፕቶፑ ላይ ቁጥሮቹን ለማየት `Ctrl+Alt+Shift+S` ነው።

ቲቪው በቀጥታ አጠገብ ያለ ክፍል ከሆነ ደሞ ይሄን ሁሉ ትታችሁ ረጅም ኤችዲኤምአይ ኬብል ግዙ፣ 10 ሜትር ድረስ ደህናው ኬብል 1080ፒ ያደርሳል፣ ጆይስቲኩ ብቻ ነው የሚያስቸግረው።

ማስተካከሉ ላይ ሶስት ነገር ብቻ ነው የምላችሁ። አንደኛ ሙንላይት የማያየው ላግ አለ፣ የቲቪው የራሱ፣ ቲቪ ምስሉን ለማሳመር ብዙ ይሰራል፣ ሴቲንግ ውስጥ Game Mode ካላበራችሁ ከ50 እስከ 100 ሚሊሰከንድ ሊጨምርባችሁ ይችላል፣ ከሁሉ በላይ ለውጥ የሚያመጣውም በነጻ የሚገኘውም እሱ ነው። ግን ይሄ የሚሰራው በኤችዲኤምአይ ለሚገባ ምስል ነው፣ ቲቪው አፕ ላይ ስትጫወቱ ብዙ ቲቪ አያበራላችሁም፣ ለላፕቶፑ ሌላ ነጥብ ነው። ሁለተኛ Host processing latency የሚለው ቁጥር ከፍ ካለ ብዙ ጊዜ ግራፊክስ ካርዱ መቶ በመቶ ላይ ነው ማለት ነው፣ ለመጭመቂያ ትርፍ አቅም የለውም፣ ጌሙ ውስጥ ፍሬሙን 60 ላይ ወስኑት ይወርዳል። ሶስተኛ በዋይፋይ ብቻ የምትጫወቱ ከሆነና ፍሬም እየጠፋ ከሆነ ሬዞሉሽኑን ከመቀነሳችሁ በፊት ቢትሬቱን ከ20 ወደ 12 አውርዱት፣ ስልክ ላይ Video frame pacing የሚለውን ደሞ Prefer lowest latency አድርጉት፣ ምስሉ ትንሽ ቢነቀነቅ እጃችሁ ግን ፈጣን ይሆናል። ዋይፋዩን ለብቻው መፈተን ከፈለጋችሁ በዋይፋይ ከተገናኘ የዊንዶውስ ማሽን ላይ ራውተሩን ፒንግ አድርጉ፣

```
ping -n 100 192.168.1.1
```

(አድራሻው በራውተራችሁ ይለያያል) አማካዩን ትታችሁ Maximum የሚለውን እዩ፣ አማካዩ 3 ሆኖ ከፍተኛው 120 ከሆነ ጌሙ በየመሀሉ የሚያንቀው እሱ ነው።

ጆይስቲኩም ብሉቱዝ ከሆነ 2.4 ላይ ነው የሚሰራው፣ ዋይፋያችሁም 2.4 ከሆነ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ሲጫኑት የሚዘለል ቁልፍ ካያችሁ ምስሉን ሳይሆን ጆይስቲኩን ጠርጥሩ፣ በዩኤስቢ ኬብል ሰክታችሁ ሞክሩት።